ከሚዛን በኋላ የተጨመረች ጭልፋ

ባለሱቁ በዕድሜው አንድም ቀን ልክ ብቻ መዝኖ አያውቅም። ምስርም ይሁን ዱቄት፣ ሚዛኑ ልኩን ሲናገር ገበያተኛውን ዓይን ዓይኑን እያየ ትንሽ ጣል ያደርግበታል። ምራቂ ናት። ያለ ምራቂ የሚሸጥ ነጋዴ ለእሱ ከቀማኛ አይለይም።

ታዲያ የልጅህን ምግብ በግራም መዝን ሲሉት፣ ከእሱ የተሻለ ሰው ከየት ይመጣል? ልጁ ሚጣ «ዓይነት አንድ» የሚባለው የስኳር በሽታ እንዳለባት የታወቀው በቅርቡ ነው። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። ውኃ ጥሙ ሲበዛባት ሙቀቱ ነው አሉ፤ ስትከሳ ቁመት እየጣለች ነው አሉ፤ በመጨረሻ እያስመለሳትና ቁና ቁና እየተነፈሰች በአባቷ ክንድ ሆስፒታል ገባች። ተረፈች። ባለሱቁ ያንን ባስታወሰ ቁጥር «ተመስገን» ሳይል አያልፍም።

አሁን ሰውነቷ ማምረት ያቆመውን ኢንሱሊን በመርፌ ትወስዳለች። የምግብ ሰዓቱ ኢንሱሊን መጠን ደግሞ የሚታወቀው በምትበላው ካርቦሃይድሬት፣ ማለትም ዳቦው፣ ሩዙ፣ ድንቹና ፍራፍሬው ወደ ደም ይዘውት በሚገቡት ስኳር ነው። ለሚጣ የታዘዘላት ለአሥር ግራም ካርቦሃይድሬት አንድ ዩኒት ኢንሱሊን ነበር። ቁርስና እራት ከሆስፒታሉ ይመጣል፤ ለምሳ ግን ቤት ስትገባ እንዳይቸግራቸው፣ አባትየው ከተኛችበት ዋርድ አጠገብ ባለችው ትንሽ ማብሰያ ክፍል ራሱ አብስሎ፣ መዝኖ፣ ከልጁ ጋር ቆጥሮ ይመዘግባል። ቅዳሜ ቤታቸው ሊገቡ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ሐኪሙ መዝገቡን እያገላበጠ ቅንድቡን ሰበሰበ።

«ከምሳ በኋላ ስኳሯ በየቀኑ ከሁለት መቶ ሃምሳ በላይ ነው። የቆጠሩት ልክ ከሆነ ኢንሱሊኑ አንሷታል። ለሰባት ግራም አንድ ዩኒት እናድርገው መሰለኝ።»

የምግብ ባለሙያዋ ከጎኑ ቆማ ነበር። ቀጠን ያለች፣ ድምጿ ዝግ ያለ፣ ዓይኗ ግን የማይሸወድ ሴት ናት።

«ቁርስና እራት ላይ ግን ቁጥሩ ደህና ነው፤ የሚያስቸግረን ምሳ ብቻ ነው» አለች። «ከመቀየራችን በፊት አንድ ምሳ ከድስት እስከ መጨረሻው ጉርሻ ቁጭ ብዬ ልይ። ጉድለቱ ከቆጠራው ሆኖ መድኃኒቱን ብንጨምር፣ ትምህርት ቤት ልክ በልክ የበላች ቀን ስኳሯ ወርዶ ራሷን ትስታለች።»

ባለሱቁ ክው አለ። ግማሹ ለልጁ የደነገጠው ነበር፤ ግማሹን እውነቱን እንናገር ካልን፣ ሚዛኑ በመጠርጠሩ የተሰማው ቅያሜ ነው። በሚዛን ያደገ ሰው ሚዛን አያውቅም ሊባል!

«ይምጡና ይዩ» አለ ደረቱን ነፋ አድርጎ። «እኔ ላይ ግራም አትጠፋም።»

እውነትም አልጠፋችም። ምሳ ሰዓት ላይ የምግብ ባለሙያዋ እያየችው ባዶውን ሳህን ሚዛኑ ላይ አስቀምጦ ቁጥሩን ወደ ዜሮ መለሰ፤ የተቀቀለ ሩዝ ቀስ እያለ ጨምሮ መቶ ሃምሳ ግራም ላይ ቆመ። ከጎኑ ሥጋና ጎመን አደረገ። ሚጣ የየምግቡን ካርቦሃይድሬት የሚያሳየውን ሰንጠረዥ አየች።

«መቶ ግራም የተቀቀለ ሩዝ ሃያ ስምንት ነው። የመቶ ሃምሳው አርባ ሁለት። ሥጋውና ጎመኑ እዚህ ግባ የሚባል ካርቦሃይድሬት ስለሌላቸው አይቆጠሩም። ለአሥር ሲካፈል … አራት ዩኒት።»

«ጎሽ! ለምን የተቀቀለውን አየሽ?» አለች የምግብ ባለሙያዋ።

«ጥሬው ውኃ ስላልጠጣ ቁጥሩ ሌላ ነው።»

ስኳሯ ተለካ፣ መቶ አሥራ ስምንት። ነርሷ እያየቻት ራሷ አራቱን ዩኒት ወጋች፤ መብላት ጀመረች። የምግብ ባለሙያዋ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ፣ እንግዳ የመጣች ይመስል ወንበሯ ላይ ተመቻችታ ስለ ትምህርት ቤት ታወራ ጀመር። ባለሱቁም ፈተናውን እንዳለፈ ተማሪ ዘና አለ። የልጁ ሳህን ወደ ግማሽ ሲወርድ ደግሞ ፊቱ በሳቅ ፈካ፤ እጁ ሳያማክረው ጭልፋውን አነሳ፤ ከድስቱ ዝቆ ሳህኗ ላይ ጣል አደረገ።

«ይህችስ?» አለች የምግብ ባለሙያዋ።

«የቷ?»

«አሁን የጨመሯት።»

«እ … እሷማ ምራቂ ናት።»

ይህን ካለ በኋላ ነው የተናገረውን የሰማው። እጅ ከፍንጅ! ጭልፋው አየር ላይ ቀረ። የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ ይሉ የለ፤ የእሱ ደግሞ ብሶ ማዕድ ላይ እያስጨመረው ነበር።

«በየቀኑ ነው?»

«በየቀኑ» አለ፤ ጭልፋውን ወደ ድስቱ መለሰ።

አልጮኸችበትም። «እስቲ ያንኑ ያህል ሌላ ሳህን ላይ ያድርጉልኝ» ብላ አስመዘነችው። ሰባ ግራም ሆነ። ሚጣ ወዲያው አሰበችው፤ ሃያ ግራም ካርቦሃይድሬት ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ሁለት ዩኒት። በየምሳው የጎደለው እሱ ነበር። ሐኪሙ ተጠይቆ ፈቀደ፤ ሁለቱ ዩኒት ተጨመረላት፤ ጨርሳ በላች።

ባለሱቁ ጥግ ላይ ተቀምጦ ራሱን ይረግም ጀመር። «ልጄን በእጄ ልገድላት!»

«ይተዉ እንጂ፣ ምነው?» አለችው የምግብ ባለሙያዋ። «ሕይወቷን በሙሉ ልክ በልክ ትብላ አላልንም። ርቧት መጨመር ከፈለገች ትጨምር። ብቻ የተጨመረው ይመዘን፣ ይቆጠር፣ መርፌው ይሰጥ፣ ይጻፍ። ሲችሉ ደግሞ ከመጀመሪያው መርፌ በፊት ይወስኑ።»

ከዚያ የጻፈችውን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችላቸው፦ «ታዳጊዋ የምግቡን ክብደት፣ የካርቦሃይድሬቱን መጠንና ዩኒቱን ያለ እርዳታ በትክክል አስልታለች። አባት በትክክል ይመዝናሉ። ከመርፌ በኋላ የሚጨመር ምግብ አይመዘገብም ነበር፤ ዛሬ ተመዝኖ ሰባ ግራም ሩዝ ሆኗል። ስለዚህ ያለፉት የምሳ መዝገቦች የተበላውን በሙሉ አያሳዩም፤ በእነሱ ተመርኩዞ መጠኑን መቀየር አይመከርም። የነገው ምሳ በድጋሚ ይታያል።»

ባለሱቁ «ጥፋተኛ» የምትል ቃል ሲጠብቅ ነበር። የለችም። «በትክክል ይመዝናሉ» መባሉን ግን በደንብ ሰምቷል፤ እንባው መጣ።

ከሁለት ሰዓት በኋላ ስኳሯ ሲለካ መቶ አርባ ስድስት ሆነ። የዓርቡም ምሳ እንዲሁ ደህና ወጣ። ሐኪሙ ለአሥር ግራም አንድ ዩኒት የሚለውን እንዳለ ተወው። ባለሱቁ የምግብ ባለሙያዋን ኮሪደሩ ላይ ተከትሎ ሄዶ ሁለት እጇን ያዘ። «እግዜር ይስጥልኝ። ዕድሜ ከጤና ይስጥልኝ። እርስዎ ቁጭ ብለው ባያዩን …» አለ፤ መጨረስ አቃተው። እሷም አልተሽኮረመመችም፤ እጁን ጠበቅ አድርጋ ያዘችለት።

ተመልሶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«ሚጣዬ፣ አንቺ እንደዚያ አሳምረሽ የምትቆጥሪ ልጅ፣ ጭልፋዋን አላየሻትም ነበር?»

«አይቻታለሁ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽኝ?»

ሚጣ የብርድ ልብሱን ጫፍ ትጠቀልል ጀመር።

«ከታመምኩ ጀምሮ ስትስቅ የማይህ ያኔ ብቻ ነበር፣ አባዬ። ከተናገርኩ የምትተው መሰለኝ።»

አባቷ ዞር ብሎ በእጅጌው ዓይኑን ጠረገ፣ አፍንጫውንም ጠረገ፣ ከዚያ ልጁን አንገቷን አቅፎ ራሷን ሳማት።

«አልተውም፣ ልጄ» አላት። «እመዝንልሻለሁ፣ አንቺ ትቆጥሪዋለሽ፣ እኔም እየሳቅኩ እሰጥሻለሁ።»