ማታ ማታ ሃያ ደቂቃ

የሦስተኛ ክፍል አስተማሪዋ ደብዳቤ ከሚጣ ቦርሳ የወጣው በሙዝ ልጣጭ ተለውሶ ነው። የሚጣ እናት በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ ጮክ ብላ አነበበችው።

«ልጅዎ ፊደል አትስትም፤ እንደ ወራጅ ውሃ ታነባለች። ስላነበበችው ስትጠየቅ ግን ባዶ ናት። በዚህ ከቀጠለች ወደ አራተኛ አታልፍም። እባክዎ ማታ ማታ ሃያ ደቂቃ ያጫውቷት። ‹ዛሬ ምን ተማርሽ?› አይበሏት፤ ‹ምንም› ትልዎታለች። መጀመሪያ የእርስዎን ውሎ ይንገሯት። ከዚያ ማን፣ የት፣ ለምን ብለው ይጠይቁ። በራሷ ቃል፣ በቅደም ተከተሉ ትድገምልዎ። ያልተነገራትንም ከተነገራት ተነሥታ ትገምት፤ ስትገምት ‹ከምን አወቅሽ?› ይበሏት። ጠይቀው ዝም ይበሉ። መልሱን አይንጠቋት፤ አያቋርጧት።»

«ሃያ ደቂቃ!» አለች እናት። ቀኑን ሙሉ በክሊኒክ ካርድ ክፍል ከበሽተኛ ጋር ስትጨቃጨቅ ትውላለች። «እኔ ሃያ ደቂቃ ቢኖረኝ እተኛበታለሁ።»

አባትየው የሴራሚክ ሻጭ ነው። ከስልኩ ላይ ዓይኑን ሳያነሣ «አስተማሪዋ ደመወዟን ለምን እንደምትቀበል በራሷ ቃል ትንገረኝ» አለ።

ይሄኔ ነው ከጥግ «እኔ አጫውታታለሁ» የሚል ድምፅ የመጣው። የአባትየው እናት ናቸው፤ ሰፈሩ እማማ ሃሎ ይላቸዋል። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ስልክ አገናኝ ሆነው፣ የስንቱን ሰው ፍቅርና ፀብ ከአንዱ ሽቦ ወደ ሌላው ሲሰኩ ኖረው ጡረታ ወጡ። አሁን የሚኖሩት በልጃቸው ቤት፣ የሚጣን ክፍል እኩል ተካፍለው ነው። የክፍሉ ነገር ደግሞ ከሰሞኑ ጀምሮ እያስጨነቃቸው ነበር። ልጅና ምራት ኩሽና ገብተው ሲንሾካሾኩ «ለእህትህ ለምን አንልክላትም» የምትል ነገር ሰምተዋል። የሚላከው ዕቃ አልመሰላቸውም፤ ለሠላሳ አንድ ዓመት ሹክሹክታ ያዳመጠ ጆሮ እንዲህ በቀላሉ አይሳሳትም። ሴት ልጃቸው ሩቅ ከተማ በአንድ ክፍል ከአራት ልጆች ጋር ትኖራለች። እዚያ መሄድ ማለት በቁም ተጣጥፎ መደርደሪያ ላይ መቀመጥ ነው።

«አንቺ ታስተምሪያታለሽ?» አለ ልጃቸው፤ አሁን ቀና ብሎ።

«ብታልፍስ?»

«እማዬ ሙች፣ ሚጣ ካለፈች አንቺን ከዚህ ቤት ማን ይነቀንቅሻል!»

በቃ። እማማ ሃሎ ደብዳቤውን ጠራርገው ከአልጋቸው ራስጌ ለጠፉት።

የመጀመሪያው ሳምንት መከራ ነበር። ጠይቆ ዝም ማለት ለእሳቸው ሞት ነው። ሥራቸው ሆኖ ዝምታ የሰሙ እንደሆነ «ሃሎ! መሥመር ላይ አላችሁ?» ማለት ለምዶባቸዋል። ሚጣ ለመልስ አፏን ስትከፍት እሳቸው መልሱን ሰጥተው ጨርሰዋል። በኋላ ከንፈራቸውን በጣታቸው ይዘው መጠበቅ ጀመሩ።

«አንዲት ሴትዮ ነበረች» አሉ አንድ ማታ። «ሐሙስ ሐሙስ እየደወለች አንድ ቁጥር አገናኙኝ ትላለች። ሰውየው ‹አቤት› ይላል። እሷ ምንም አትልም። ደቂቃዋ ሲሞላ ትዘጋለች። ለምን ይመስልሻል?»

ከንፈር ተያዘ። ሚጣ ጣሪያውን አየች፤ አውራ ጣቷን ጠባች፤ አልጋው ሥር ገብታ ወጣች።

«ድምፁን ፈልጋ ነው» አለች በመጨረሻ።

«ከምን አወቅሽ?»

«ሌላ ነገር ብትፈልግ ታወራ ነበራ። ደሞ ሁልጊዜ ሐሙስ ነው። ሐሙስ ሚስቱ ገበያ ትሄዳለች።»

«ሚስት አለው አልኩሽ እንዴ?»

«ባይኖረውማ ሴትየዋ ታወራው ነበር።»

እማማ ሃሎ ቀና ብለው ተቀመጡ። እሳቸው ያን ነገር ለመረዳት አራት ዓመት ፈጅቶባቸዋል።

ከዚያ ወዲህ ልጅቷ እሳት ሆነች። ማንም ያልነገራትን ትይዛለች። የጎረቤት ውሻ ለምን እንደከሳ፣ የክሊኒኩ ዘበኛ ለምን ሁለት ኮት እንደሚለብስ፣ ሁሉንም ከነማስረጃው። ፈተናው ደረሰ። አስተማሪዋ አዲስ ምንባብ ሰጥታ፣ ምንባቡ ውስጥ በግልጽ ያልተጻፈውን ሁሉ ብትጠይቃት፣ ሚጣ መልሱን ከነምክንያቱ ዘረገፈችው። አለፈች።

በማግስቱ ልጃቸው ባለጎማ ሻንጣ ይዞ ገባ። ቀይ፣ ገና ፕላስቲኩ ያልተላጠ።

«ለአስተማሪያችን ሽልማት!» አለ።

እማማ ሃሎ አለቀሱ። ጨርቃቸውን ሁሉ በፌስታል የሚያስቀምጡ ሴት ናቸው፤ ደስ አላቸው። የልጅ ነገር፣ አሉ በልባቸው፣ ቢዘገይም አይቀርም።

ማታ የምራታቸው ታናሽ እህት እንኳን ደስ ያላችሁ ልትል መጣች። አባትየው ኩራቱ ጨመረ፤ የደከመበት እሱ ይመስል። «እማዬ፣ እስኪ አንድ ነገር ጠይቂያትና አክስቷ ትስማት» አለ።

እማማ ሃሎ ተቀመጡ፤ ቀሚሳቸውን አስተካከሉ። «ሚጣዬ፣ ዛሬ ቤታችን ውስጥ የሆነውን በቅደም ተከተሉ ንገሪኝ። ከዚያ ቀጥሎ የሚሆነውን ገምቺልኝ።»

ሚጣ ጉሮሮዋን ጠራረገች። «ጠዋት እማዬ የእማማን አልጋ በሜትር ለካችው። ከዚያ ‹ጠረጴዛው ይገባል› አለች። ከዚያ አባዬ ለእህቱ ደውሎ ‹ፍራሽ አላችሁ?› አለ። ከዚያ ‹ምንጣፍም ይበቃታል› አለ። ከዚያ ሻንጣ ገዛ።»

«ሚጣ፣ በቃ!» አለች እናት።

«አታቋርጫት» አሉ እማማ ሃሎ፤ ደብዳቤው እንደሚለው። ፊታቸው ላይ የነበረው ፈገግታ ለመውረድ ጊዜ አላገኘም ነበር። «ቀጥሎስ?»

«እማማ የአባዬ እህት ጋ ትሄዳለች።»

«ለዕረፍት ነው» አለ አባት።

«አይደለም» አለች ሚጣ፤ የተሳሳተ ተማሪ እንደምታርም አስተማሪ ረጋ ብላ። «ለዕረፍት የሚሄድ ሰው አልጋው አይሸጥም። ትናንት ለጎረቤት ‹አልጋ ትፈልጊያለሽ?› ብለሃታል።»

እማማ ሃሎ በዚህ ጊዜ ከንፈራቸውን አልያዙም። ጥያቄው ከልማድ ወጣ።

«ከ... ከምን አወቅሽ፣ ካለፍሽ አልሄድም የተባለው እንደማይሆን?»

«እስካልፍ ድረስ ነበር የሚፈልጉሽ። አሁን አለፍኩ።»

እንግዳዋ አጨበጨበች። እውነቷን ነው፤ ልጅ እንዲህ ሲናገር አይታ አታውቅም። «ይቺስ ጠበቃ ናት!» አለች፤ ብቻዋን እንዳጨበጨበች ስታውቅ እጇን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች።

አባትየው ጀርባውን አከከ። «እማዬ፣ እንዲህ እንድትሰሚው አልፈለግንም ነበር። እንግዲህ ከተባለ አይቀር፣ መኪናው ቅዳሜ ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት።»

«ሰማሁ» አሉ እማማ ሃሎ።

«እየመጣን እናይሻለን።»

እማማ ሃሎ ወደ ሚጣ ዞሩ። ልጅቷ የአያቷን ዓይን እንደ ምንባብ መስመር በመስመር አየች፤ ከዚያ አይመጡም በሚል ጭንቅላቷን በዝግታ ግራና ቀኝ ነቀነቀች። ማንም አልጠየቃትም፤ ማንም ማስረጃ አላላትም።

«አበላሸሁ?» አለች።

«አላበላሸሽም፣ የኔ ልጅ። አንድም አልሳትሽ።»

ሚጣ ፊቷ በራ። ወደ እናቷ ሮጠችና ቀሚሷን ጎተተች።

«እማዬ፣ ጠረጴዛዬን መስኮቱ ጋ ላድርገው?»

«አድርጊው» አለች እናት።