በመሃል ሰላም የሚባል ሰው

ጓድ በሺር ማለት ሰላምታ የሚበላ ሰው ነው። ቁርስ ባይበላ ይውላል፤ ሰላምታ ካጣ ግን ምሳ ሰዓት አይደርስም። የቀበሌ ሊቀመንበር ከሆነ ወዲህ መጋላ ገበያን ሲያቋርጥ ሱቁ ሁሉ ብድግ ይላል፤ ሻይ አፉ ላይ ያደረሰ ሰው ወይ ይውጠዋል ወይ ይተፋዋል፣ በሻይ አፍ ሰላም አይባልማ። እንግዲህ ይህንን ሰው ነው ሰዓት ሠሪው ያሕያ በሕዝብ ፊት ዝም ያለው። ያውም ክፍሉን ሊወስድበት አንድ ሐሙስ ሲቀረው።

ያሕያ ከዓደን የመጡ አይሁዶች ልጅ ነው፤ ተወልዶ ያደገው እዚሁ ድሬዳዋ ነው። ከሱቁ ጀርባ አንዲት ክፍል አለችው። ድሮ ወንዶቹ ተሰብስበው የሚጸልዩት እሷ ውስጥ ነበር፤ አንዱ ዓደን፣ አንዱ አስመራ፣ ሌላው እየሩሳሌም እያለ ሁሉም ሄደና ያሕያ ብቻውን ቀረ። ብቻውን ይግባ እንጂ ጠዋትና ማታ አልቀረባትም። ጓድ በሺር ታዲያ መጥቶ አያትና፣ «ትርፍ ክፍል ናት። ለሴቶች ማኅበር ቢሮ ትሆናለች። እሁድ ከጽዳት ዘመቻው በኋላ እንወስናለን» አለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያሕያን እህል አላሰኘው አለ። ያቺ ክፍል ከሄደች እሱም ከድሬ የሄደ ያህል ሆኖ ተሰማው።

ጎረቤቱ ሃሊሞ ሳምቡሳ ሻጭ ናት፤ ምክር በነፃ ትሰጣለች። «አዴር ያሕያ» አለችው እንደ አጎት እየጠራችው፣ «እሁድ ሰውዬውን እንዳየኸው ሰላም በለው። ከሩቅም በለው፣ ከቅርብም ድገመው። ክፍልህን የምታተርፈው በሰላምታ ነው።» ያሕያም እሺ አለ። እሺ ማለቱ ከልቡ ነበር።

እሁድ ዕለት የቀበሌው ዘበኛ በር የደበደበው ገና በጨለማ ነው። ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። አይሁዳዊ ሲተኛና ሲነሳ ሽማዕን ማንበብ አለበት፤ «እስራኤል ሆይ፣ ስማ፤ እግዚአብሔር አምላካችን፣ እግዚአብሔር አንድ ነው» ብሎ የሚጀምረውን። የጠዋቱ ሰዓት የሚገባው አንድ ሰው የሚያውቀውን ሰው በአራት ክንድ ርቀት ለመለየት ሲችል ነው፤ የሚያልፈው ደግሞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሲሞላ። ያሕያ በሩን ሲከፍት የቆመው ማን እንደሆነ አልለየውም፤ ስለዚህ ገና ነው። ዘበኛው ሊበን መሆኑን የለየው ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ሲደርሱ ነው፤ ያኔ ደግሞ አካፋ ተሰጥቶታል።

አካፋው ባልከፋ፤ ሠራተኛም ሥራውን ገታ አድርጎ ያነባል። የከፋው ሽታው ነው። ሽማዕ ቆሻሻ ባለበት አይነበብም፤ ሽታው ካለቀበት ደግሞ አራት ክንድ መራቅ አለ። ያን ጠዋት ደቻቱ ላይ ሽታው የሚያልቀው ከከተማ ወጥቶ ሐርላ ነው። ያሕያ አንድ ዛፍ ሥር ንጹሕ ቦታ አገኘ፤ ከንፈሩን ከማንቀሳቀሱ ጋሪ መጥቶ ቆሻሻውን ዘረገፈበት። ከአጥር ጀርባ ዞረ፤ ከአጥሩ ጀርባ ምን እንደነበር አልናገርም። ነፋሱን እያሸተተ ወደ ላይ ወጣ፣ ነፋሱ ዞረበት፣ ወደ ታች ወረደ።

«አዴር፣ ምን ነካህ፣ እንደ ፍየል የምትቅበዘበዘው?» አለችው ሃሊሞ መጥረጊያዋን ተደግፋ።

«ንጹሕ ቦታ እየፈለግኩ ነው። ሦስት ሰዓት ሊሞላብኝ ነው።»

«አቦ፣ ጽዳት ዘመቻ መጥተህ ንጹሕ ቦታ?» ሳቀችና በአገጯ መድረኩን አሳየችው። ከአውራጃ ለሚመጣው እንግዳ ከንጋት ጀምሮ ሲጠረግ፣ ውኃ ሲረጭ፣ ሽቶ ሁሉ ሲነፋበት የቆየ መድረክ ነው። ያሕያ ፀሐይዋን አየ፤ የራሱን ሰዓት አላመነውም፣ ሰዓት ሠሪ ነዋ። ወደ መድረኩ ሮጠ።

ከሸሚዙ ሥር የሚለብሳትን ባለ ዘርፍ ልብስ አራቱን ማዕዘን ስቦ አወጣ፣ ዘርፎቹን በግራ እጁ ሰብስቦ ልቡ ላይ ያዘ፣ በቀኙ ዓይኑን ሸፈነ። በክንድና በግንባር የሚታሰሩት ጥቅስ የያዙ የቆዳ ሣጥኖች፣ ተፊሊኖቹ፣ ቤት ናቸው፤ ሲመለስ እነሱን አስሮ ከሙሉ ጸሎቱ ጋር ይደግመዋል፣ ለአሁኑ ሰዓቱ አይለፍበት ብቻ። ይሄኔ ነው ጓድ በሺር በሌላው ደረጃ ድምፅ ማጉያውን ይዞ የወጣው።

«ግራ እጅ ይነሳ» አለ ጓድ በሺር። ሕዝቡ ከነመጥረጊያው ግራ እጁን ጨብጦ አነሳ።

«ሽማዕ ይስራኤል፣ አዶናይ ኤሎሄኑ፣ አዶናይ ኤሓ...ድ» አለ ያሕያ። የመጨረሻዋ ቃል፣ አንድ የምትለዋ፣ ትረዝማለች። ስትረዝም አንባቢው ከላይ ሰማዩን፣ ከታች ምድሩን፣ አራቱንም ማዕዘን የአንዱ ናቸው ብሎ በልቡ ያዞራቸዋል። ያሕያ ሲያዞር ጓድ በሺር ድምፅ ማጉያውን እንደያዘ አጠገቡ ደርሶ ነበርና ደቻቱ ከዳር እዳር ሰማ።

«ወላሂ እሱስ አንድ ነው» አለች ሃሊሞ እጇን እንዳነሳች። ሕዝቡ ሳቁን ዋጠ።

«ያሕያ፣ ግራ እጅህ የት አለ?»

ያሕያ ከንፈሩን ማንቀሳቀሱን አላቆመም። የመጀመሪያዋ ስንኝና ከእሷ ቀጥሎ በሹክሹክታ የሚባለው «የመንግሥቱ ክብር ስም ለዘላለም ይባረክ» አይቋረጡም። ያሕያ እጁን ከዓይኑ አውርዶ፣ አምላክህን በፍጹም ልብህ ውደድ ወደሚለው የሽማዕ ክፍል ገባ።

«አንተን ነው። ሰላም እንኳ አትልም?»

እዚህ ላይ ሕጉ በር ይከፍታል። በክፍሉ መሃል አቋርጠህ የምትፈራውን ሰው ሰላም ማለት ትችላለህ። የምታከብረውን ግን ክፍሉ እስኪያልቅ ታቆየዋለህ። ያሕያ ደግሞ ፈርቷል። ጉልበቱ ይንቀጠቀጣል፣ ከሱቁ ጀርባ ያለችው ክፍሉ ዓይኑ ላይ ትሄዳለች፣ የሃሊሞ ምክር ጆሮው ውስጥ ይጮኻል። ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ያችን አንድ የምትል ቃል ያን ያህል አርዝሞ፣ ትንፋሹ ሳይመለስ ይሄን ባለ ድምፅ ማጉያ የሚፈራው አድርጎ ሊሾመው አልሆነለትም። በልቡ አዘነ፣ ክፍሏን ተሰናበታት፣ ማንበቡን ቀጠለ። በቤትህ መቃኖችና በደጆችህ ጻፈው ሲል የመጀመሪያው ክፍል አለቀ።

ወዲያው ዞረ። «ሰላም ጓድ ሊቀመንበር፣ እንዴት አደርክ?» አለ በፈገግታ፤ ጓድ በሺር አፉን ሳይከፍት ተመልሶ ዝናቡን በወቅቱ እሰጣለሁ ወደሚለው ሁለተኛ ክፍል ገባ። እሱም ሲያልቅ ዞረ። «ልጆቹስ ደህና ናቸው?» አለና ሦስተኛው ክፍል ውስጥ ጠፋ፤ ዘርፎቹን እየሳመ ጨረሰ። ሕዝቡ በሳቅ ሊሞት ምንም አልቀረው።

«እኔን በየክፍሉ እየቆረጥክ ነው ሰላም የምትለኝ?» አለ ጓድ በሺር፣ ፊቱ ቲማቲም መስሎ።

ያሕያ ሕጉን አንድ በአንድ አስረዳው፤ የሚፈራውን በመሃል፣ የሚከበረውን በመጨረሻ። ሃሊሞ ዓይኗን ጨፈነች።

«ስለዚህ አንተ እኔን አትፈራኝም።»

«እንዴት አልፈራህም፣ ጉልበቴን እየው» አለ ያሕያ። «ግን በመሃል ሰላም ብልህ ኖሮ፣ አንድ ብዬ አፌን ሳልዘጋ ሁለት ማለቴ ነበር። ስለዚህ እንደምትከበር ሰው ሰላም አልኩህ።»

ጓድ በሺር ሕዝቡን አየ። አውርዱ ያላቸው ስለሌለ ሁሉም ግራ እጁን እንዳነሳ ነው፤ ሊበንማ እጁ ደክሞት በቀኙ ደግፎታል። ብዙ አያቸው።

«እነዚህ ሁሉ በመሃል ነው ሰላም የሚሉኝ» አለ ቀስ ብሎ። ድምፅ ማጉያውን አላጠፋውም ነበርና ሁሉም ሰማ።

ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገ። «ክፍሏን ያዛት። ግን ጠዋት ጠዋት በደጅህ አልፋለሁ። በመሃል ሰላም ያልከኝ ዕለት ቁልፉን ታስረክበኛለህ።»