ከደጅ እስከ ደጅ

የቆንጂት ደብዳቤ ከኤድመንተን ተነሥቶ ኦንታሪዮ፣ ሴንት ጄምስ ታውን ሠፈር እስኪደርስ ስምንት ቀን ፈጀ። ታናሽ እህቷ ሩሀማ ከፖስታ ሳጥኑ ያወጣችው ዓርብ ጠዋት ነው። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ደግሞ ዳንፎርዝ መንገድ ሄዳ በሕይወቷ የመጀመሪያውን የሥራ ውል ልትፈርም ቀጠሮ ነበራት።

ሩሀማ የአረጋውያን እንክብካቤ ሥልጠናዋን ከጨረሰች ሁለት ወር አልሞላትም። ሠፈሯ ያለ አንድ የአረጋውያን መኖሪያ በሰዓት ሃያ ሁለት ዶላር የሚከፍል ቦታ እንዳለው ነግሯት፣ ቃለ መጠይቅም አድርጎላት፣ «እንደውልልሻለን» ብሎ ዝም ብሏል። አቶ ተሻገር ግን አልዘገዩም። የቤት ለቤት እንክብካቤ ድርጅት አላቸው፤ ሩሀማ በምትሄድበት ቤተ ክርስቲያንም የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው። «ሃያ አምስት ዶላር፣ እህቴ። ከሰኞ ጀምሮ» አሏት። በዚህ ላይ ምን ጥያቄ ይነሣል?

አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ፖስታውን ቀደደች።

«ሩሁዬ፣» ይላል ደብዳቤው፣ «በስልክ ሳስረዳሽ እሺ እሺ እያልሽ ድስትሽን ታማስያለሽ። ወረቀት ግን አያቋርጡትም፤ ስለዚህ ተቀመጪና አንብቢ። የሥራን ዋጋ በሰዓት ስንት ይከፍላል በሚለው አትለኪው፤ ከቤትሽ ደጅ እስከ ቤትሽ ደጅ ቁጠሪው። ጠዋት አንድ ሰዓት ወጥተሽ ምሽት አሥራ ሁለት ትመለሻለሽ አልሽኝ። ሦስት ደንበኞች፣ ሦስት የከተማ ጫፍ። የሚከፈልሽ ግን ደንበኛው ቤት ለምትቆዪበት ስድስት ሰዓት ብቻ ነው። መቶ ሃምሳን ለዐሥራ አንድ አካፍይው። ዐሥራ አራት እንኳ አይሞላም፤ ኦንታሪዮ ከፈቀደው ዝቅተኛ ክፍያ በታች ነው።»

ሩሀማ በስልኳ አካፈለችው። ደግማም አካፈለችው። ቁጥሩ አልተለወጠም።

«ውሉ ላይ ‹ኮንትራክተር›፣ ማለትም ተቀጣሪ ሳትሆኚ በራስሽ የምትሠሪ፣ የሚል ካገኘሽ ደግሞ ቆም በይ። ተቀጣሪ ብትሆኚ ከደንበኛ ወደ ደንበኛ የምትጓዢበት ሰዓት የሥራ ሰዓት ነው፤ የጡረታውን ግማሽ አሠሪሽ ይከፍላል፤ የእረፍት ክፍያ አለሽ። ኮንትራክተር ካሉሽ ሁሉም በአንቺ ጫንቃ ላይ ነው። ሕጉ በስም አይታለልም፣ የሚያየው ሥራውን ነው፤ ነገር ግን መብትሽን ተከራክረሽ እስክታስመልሺ የቤት ኪራይ አይጠብቅሽም። እንግዲህ ሁለት ነገር አድርጊ። ከአንቺ በፊት በቦታው የነበረውን ሰው ፈልገሽ አነጋግሪ። ውሉንም ሳትፈርሚ ወደ ቤትሽ ውሰጂው። አይወሰድም ካሉሽ መልስሽን አግኝተሻል። የኛ ሰው ስለሆነ መጠየቅ ነውር እንዳይመስልሽ። እኔን የጎዳኝ ባዕድ አልነበረም፤ ይሉኝታዬ ነው።»

ከአንቺ በፊት የነበረውን ሰው። ሩሀማ አቶ ተሻገር የሰጧትን የደንበኞችና የሰዓት ፕሮግራም ወረቀት ከቦርሳዋ አወጣች። ስሟ የተጻፈው በነጭ ቀለም በጠፋ ሌላ ስም ላይ ነበር። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን ብታነሣው ከሥሩ ያለው ስም እንደ ጠባሳ ብቅ አለ፦ ኤልፍነሽ።

ኤልፍነሽን ታውቃቸዋለች። እዚሁ ሕንፃ ላይ፣ ዐሥራ ሰባተኛ ፎቅ ከእህታቸው ልጅ ጋር የሚኖሩ፣ በቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን መካከል ድምፃቸው የሚለይ ሴት ናቸው። ሦስት ወር ሆነ ከታዩ። «አገር ቤት ለእረፍት ሄደዋል» ብለዋት ነበር አቶ ተሻገር።

የእህታቸውን ልጅ ልትጠይቅ ወጣች። አንደኛው አሳንሰር ተበላሽቷል፤ ሁለተኛው በየፎቁ እየቆመ፣ ማንም ሳይገባ እየከፈተና እየዘጋ አደረሳት። አንኳኳች። ሰንሰለቱ ሳይፈታ በሩ ጥቂት ተከፈተ፤ በቀጭኑ ክፍተት የተመለከቷት ራሳቸው ኤልፍነሽ ነበሩ።

«እትዬ ኤልፍነሽ! አገር ቤት አልነበሩም እንዴ? አቶ ተሻገር ሄደዋል ብለውኝ ነበር።»

«ማን ወሰደኝ ልጄ?» ሰንሰለቱን በግራ እጃቸው አላቀቁ። ቀኝ እጃቸው ደረታቸው ላይ እንደ ታጠፈ ቀርቷል። «ተሻገር ነው ያሳፈረኝ? ትኬቱን ቢልክልኝማ በወደድሁ» ብለው ሳቁ።

ሩሀማ ወረቀቱን አሳየቻቸው። ሴትዮዋ ሳቃቸው ተቋረጠ።

«የኤግሊንተን መንገዱን ሰውዬ ሰጠሽ?»

«አዎ፤ ጠዋት መጀመሪያ እሳቸው ጋ ነኝ።»

«መቶ ዐሥር ኪሎ ናቸው። እግራቸው አይታዘዝም። ከአልጋ ማንሻ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ሁለት ሰው ነው፤ ሥልጠና ላይ ነግረውሻል አይደል? ሁለተኛ ሰው ላክልኝ ስለው ‹ጎበዝ ነሽ እኮ› ይለኛል። ጎበዝ ስሆን፣ ጎበዝ ስሆን፣ አንድ ማለዳ ሰውዬው ተንሸራተቱ። ወድቀው እንዳይሞቱብኝ በትከሻዬ ያዝኋቸው። እሳቸው ተረፉ።»

«ካሳስ?»

«‹አንቺ እኮ የራስሽ አለቃ ነሽ› አለኝ። አለቃ መሆኔን የሰማሁት ያን ቀን ነው፤ ሹመቴን በትከሻዬ ከፈልሁ።» ወደ ጠረጴዛው አመለከቱ፤ በወረቀት የታጨቀ ፖስታ ነበር። «በነጻ የሚሟገት የሕግ ክሊኒክ ዘንድ አመልክቻለሁ። ጠብቂ ይሉኛል። ሻይ እንዳላፈላልሽ ማንቆርቆሪያው ይከብደኛል። አንቺ አፍይና አብረን እንጠጣ።»

ሩሀማ ሻዩን አፍልታ በግራ እጃቸው በኩል አስቀመጠችላቸው።

የዳንፎርዙ ቢሮ ከአንድ ሸቀጣ ሸቀጥ መደብር በላይ፣ በጠባብ ደረጃ የሚወጣ አንድ ክፍል ነው። አቶ ተሻገር ብድግ ብለው ተቀበሏት፤ ብዕሩ ከወረቀቱ ጎን ተቀምጧል።

«እንኳን ደኅና መጣሽ እህቴ ሩሀማ! የምትፈርሚው እዚህችው ላይ ነው፤ አታስቢ።»

በመጀመሪያው ገጽ፣ በሁለተኛው መስመር፣ «ኮንትራክተር» ይላል።

«አቶ ተሻገር፣ የኤግሊንተኑን ሰውዬ ሳነሣ ሁለተኛ ሰው አብሮኝ ይኖራል?»

«ወጣት አይደለሽ? እግዚአብሔር ጉልበት ይሰጥሻል።»

«ብጎዳስ?»

«አፍሽን በበጎ ክፈቺው እንጂ!» ሳቁ፤ ዓይናቸው ግን አልሳቀም።

እኚህ ሰው አዲስ መጥታ ሳለች የክረምት ጃኬት ያስገዙላት ናቸው። ቢሆንም የቆንጂትን ድምፅ ተደግፋ ተናገረች።

«ውሉን ወደ ቤት ወስጄ ላንብበው። ሰኞ እመልሰዋለሁ።»

አቶ ተሻገር መዳፋቸውን ወረቀቱ ላይ አሳረፉ፤ ቀስ እያሉም ወደ ራሳቸው ጎተቱት።

«ከዚህ ቢሮ ወረቀት አይወጣም። አላመንሽኝም ማለት ነው?»

«ኤልፍነሽን አግኝቻቸዋለሁ።»

ከመንገዱ የመኪና ጥሩምባ ተሰማ። ሰውየው ፊታቸው ምንም አልሆነም፤ ያስፈራትም ያ ነው። መሳቢያቸውን ሳቡና ነጩን ማጥፊያ ቀለም አወጡ፤ ከፍተውም በትንሿ ብሩሽ የፕሮግራሙ ወረቀት የራሳቸው ቅጂ ላይ ስሟን ይቀቡ ጀመር፣ ጥርት አድርገው፣ ሳይቸኩሉ።

«ያ የነገርሽኝ የአረጋውያን መኖሪያ ደወለልሽ?»

«ገና ነው።»

«እሺ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን እንገናኛለን፤ ሁላችንም እዚያው ነን» አሉ፣ ቀና ሳይሉ።

ስትወጣ ደረጃው ላይ ሶልያናን አገኘቻት፤ ከመጣች አምስት ወሯ ነው፣ በመዘምራኑ ውስጥ ከኋላ የምትቆመው። ቦርሳዋን እንደ ሕፃን አቅፋለች።

«አንቺም እዚህ ነሽ?» አለች ሶልያና ፈገግ ብላ። «በሰዓት ሃያ አምስት ነው አሉኝ!»

ሩሀማ ክንዷን ያዘቻት። «ስሚ፣ ወረቀቱን ወደ ቤት ልውሰደው በያቸው። ሌላ ምንም አትበይ፤ ይቺን ብቻ።»

«ምነው! ሥራ ለሰጡኝ ሰው? ምን ይሉኛል?»

ሩሀማ ደብዳቤውን ከኪሷ አወጣች። ገና ሳትዘረጋው ከላይ በሩ ተከፈተ፤ የቀለሙ ሽታ ደረጃውን ወረደ።

«እህቴ ሶልያና!» አለ ያ የሞቀ ድምፅ። «ነይ ግቢ፤ ተዘጋጅቶልሻል።»

የሶልያና ክንድ ከሩሀማ እጅ ሾልኮ ወጣ።