ደንቡ ለጓድ ዳይሬክተርም ነው

ሰኞ ሰኞ ጠዋት የትምህርት ዕቅዳችንን ዳይሬክተራችንን ጓድ ኃይለኪሮስን እናስፈርም ነበር። እሱም የሁላችንንም ደብተር ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ፈርሞ ይጨርሳል። ሌሎቹ መምህራን በዚህ ያሙታል፤ እኔ ግን እግዜር ይስጠው እላለሁ። የዚያን ሳምንት ዕቅዴን ቢያነበው ኖሮ አይፈርምም ነበር።

ዘመኑ 1977 ነው። ከሾላ ገበያ ብዙ በማይርቅ ትምህርት ቤት ለስምንተኛ ክፍል የፖለቲካ ትምህርት አስተምራለሁ። መጽሐፉ ይነበባል፣ ተማሪው በቃሉ ይይዛል፣ በፈተና ይተፋዋል፤ አለቀ። እኔ ደግሞ እንዲህ ያለ ትምህርት ያንገሸግሸኛል።

የዚያን ሳምንት ግን ያስቸኮለኝ ሌላ ነው። አስመረት የምትባል ተማሪዬ ልትባረር ነበር። እናቷ የአልጋ ቁራኛ ናቸው፤ ውሃ የምትቀዳው እሷ ናት። የቀበሌው ቦኖ የሚከፈተው ከአሥራ ሁለት እስከ ሁለት ሰዓት ብቻ ነው፤ የትምህርት ቤቱ በር ደግሞ ልክ በሁለት ሰዓት ይዘጋል። ወረፋው ደርሷት፣ ጀሪካኗን ቤት አድርሳ ስትመጣ በሩ ይቀድማታል፤ እስከ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ውጭ ትቆማለች። ሦስት ማስጠንቀቂያ ተጽፎባት፣ አርብ ስሟ ከመዝገብ ሊሰረዝ ተወሰነ። ጓድ ኃይለኪሮስን ሁለት ጊዜ ለመንኩት።

«ማርፈድ ማርፈድ ነው፣ ጓዲት ምንትዋብ» አለኝ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ብዬ የሐሙሱን ዕቅድ በክርክር አዘጋጀሁት። ጥያቄው «ቦኖው በጠዋት መከፈቱ ይቀጥል ወይስ ወደ ከሰዓት ይዛወር?» የሚል ነው። በየወገኑ አራት ተናጋሪ፣ ለእያንዳንዱ ሁለት ደቂቃ፤ የቀሩት ተማሪዎች የትኛው ምክንያት በማስረጃ እንደተደገፈ እየጻፉ ይፈርዳሉ። ወገኑ የሚለየው በዕጣ ነው፤ ሰው የማይወደውን ሐሳብም እንዲመረምር ብዬ ነው። ከሥሩ ደንቡን ጻፍኩ፤ እጅ ሳያወጡ መናገር የለም፤ ሐሳብ ይተቻል እንጂ ሰው በስሙ አይነሳም፤ ሌላውን የሚቃወም አስቀድሞ ያኛው ያለውን ይደግማል፣ ባለቤቱም «ልክ ነው» ሲለው ብቻ መልሱን ይቀጥላል። መጨረሻ ላይ «ደንቡ በክፍሉ ለተቀመጠ ሁሉ ይሠራል» ብዬ አሰርኩት። ተፈረመልኝ።

ሐሙስ ጓድ ኃይለኪሮስ ሊገመግመኝ መጥቶ ከኋላ ተቀመጠና ጋዜጣውን ዘረጋ። መድረኩን የሚመራው ፍስሃ ነው፤ ጭምት ልጅ፣ ሰዓት በእጁ። ዕጣው ሲወጣ አስመረት እሷኑ ከሚያስረፍዳት፣ «በጠዋት ይቀጥል» ከሚለው ወገን ወደቀች።

ልጅቷ ግን አልደነገጠችም።

«ቦኖ ጠባቂዋ ከሰዓት በአውሮፕላን ማረፊያው ጽዳት ትሠራለች» አለች። «ቦኖው ወደ ከሰዓት ከተዛወረ አንዱን ሥራዋን ታጣለች። ምግብም የሚበስለው ጠዋት በተቀዳ ውሃ ነው። ስለዚህ ቦኖው ባለበት ይቆይ። ተማሪዎችን ያስረፈደው ቦኖው ብቻ አይደለም፤ ቦኖውና የትምህርት ቤቱ በር እኩል በሁለት ሰዓት መዘጋታቸው ነው።»

ክፍሉ አጉረመረመ። ጓድ ኃይለኪሮስ ብድግ አለ።

«አስመረት! የስንፍናሽን ሰበብ ነው እዚህ የምታቀርቢው?»

አፌን ልከፍት ስል ፍስሃ ቀደመኝ።

«ይቅርታ ጓድ ዳይሬክተር። ስም አይነሳም። ለመቃወምም መጀመሪያ እሷ ያለችውን ይድገሙልን።»

«ደንቡ ለተማሪ ነው!»

«በክፍሉ ለተቀመጠ ሁሉ ይላል» አልኩና የዕቅድ ደብተሬን ወስጄ ፊቱ ዘረጋሁለት። «ፊርማዎም ይኸው።»

ሰውየው ግትር ነው፤ ነገር ግን የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ከሚሉት ወገን ነው። ፊርማውን አየ። ተማሪዎቹን አየ። ጆሮው ቀላ።

«አልሰማሁም፤ ጋዜጣ እያነበብኩ ነበር» አለ በመጨረሻ። «እስቲ ድገሚው።»

አስመረት ቃል ሳትጨምር ደገመችው። እሱም ቀስ እያለ፣ በጣቱ እየቆጠረ መለሰ።

«ጠባቂዋ ከሰዓት ሌላ ሥራ አላት። ምግብ በጠዋት ውሃ ይበስላል። ስለዚህ ቦኖው አይነካ፤ ተማሪ ግን ወረፋ ላይ እያለ ይረፍድበታል።»

«ልክ ብለዋል?» አለ ፍስሃ ወደ አስመረት ዞሮ።

እኔ «አዎ በይ፣ ልጄ፣ በቃ በይ» እላለሁ በሆዴ።

«አንድ ቀርቷል» አለች። «በሩ።»

ጓድ ኃይለኪሮስ ጣቱን እንደዘረጋ ቆመ።

«በሩ በሁለት ሰዓት ይዘጋል» አለ። ዝቅ ባለ ድምፅ «የማዘጋው እኔ ነኝ» ሲል ጨመረ።

«ልክ ነው» አለች አስመረት።

«እንግዲህ ተቃውሞዎን ይቀጥሉ» አለው ፍስሃ። «ሁለት ደቂቃ አለዎት።»

ጓድ ኃይለኪሮስ ተቀመጠ፤ ጋዜጣውንም አልገለጠም።

አርብ ጠዋት ዘበኛው በሩን እስከ ሁለት ተኩል እንዳይዘጋ ታዘዘ። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የእኔ ነበር። ስም ስጠራ አስመረት ላይ ደረስኩ፤ ስሟ አልተሰረዘም። እሷም የቀሚሷ ጫፍ ገና ውሃ እንደነካው ከሦስተኛው ረድፍ «አቤት!» አለች።