አቶ አወቀን እንዳይከብደው

አወቀን ይቅር አላልኩትም። ፊት ለፊት ስንገናኝ አንቱ እለዋለሁ፣ የልጆቹንም ደህንነት አንድ በአንድ እጠይቃለሁ። እዚህ ግን ሰሚ ስለሌለብኝ አወቀ ነው።

መካነ ሰላም ውስጥ በአንድ የእንስሳት ጤና ፕሮጀክት ተቀጥሬ ስሠራ የቅርብ አለቃዬ ነበር። ለጋምቦ ደጋ ላይ የበግ ፈንጣጣ በገባበት ዓመት ክትባቱ መጥቶ ገበሬው በጎቹን አላመጣም። አወቀ ቢሮው ተቀምጦ ሕዝቡን ይረግማል። እኔ የለጋምቦ ከተማ አቀስታ ሰንብቼ ገበሬውን ጠየቅኩ። ለካ ቀጠሮ የምንይዘው በገበያ ቀን ነው፤ ለዚያውም የምንደርሰው በጎቹ ለግጦሽ ከወጡ በኋላ ረፋድ ላይ። ኢማሞቹንና ቄሶቹን ለምኜ ቀኑን ከሶላትና ከቅዳሴ በኋላ አስነገርኩ፤ በጎቹ ከጉረኖ ሳይወጡ ማልደን መድረስ ጀመርን። መንጋው ተከተበ።

ከዚያ ደሴ ላይ ስብሰባ ተጠራ። አወቀ መድረክ ላይ ወጥቶ «እኔ በቀየስኩት ስልት» ብሎ ጀመረ፤ ስሜን አንዴም ሳይጠራ ጨረሰ። ወይዘሮ የኔአለም የሚባሉ ኃላፊ የምስክር ወረቀት ሰጡት፣ አዳራሹ ተነሥቶ አጨበጨበ። ከኋላ ወንበር ላይ እኔም አጨበጨብኩ። ያንን ያጨበጨበ እጄን እስከ ዛሬ አልማርኩትም። እሱ አስተባባሪ ሆነ፤ የእኔ ኮንትራት ግን ሲያልቅ አለቀ።

ዘንድሮ ደሴ ያለ አንድ ድርጅት የእንስሳት ጤና ባለሙያ እንደሚፈልግ ማስታወቂያ አወጣ። የሥራ ልምድ ማስረጃው በእጄ ነበር። እነሱ ግን ሌላም ጠየቁ፤ የቀድሞ የቅርብ አለቃዬ ሥራዬን በሚገባ መስክሮ የሚጽፈው፣ እሱ ራሱ በቀጥታ የሚልክላቸው ደብዳቤ። ይህ ካልሆነ ጅዳ ያለችው እህቴ ራሕማ ከአሠሪዎቿ ዘመዶች ቤት ቦታ ይዛልኛለች። ፓስፖርቴም ወጥቷል። የተማርኩትን ትምህርት ቆልፌ የሰው ቤት ልጠርግ ነው።

ጠያይቄ የቅጥሩ ኃላፊ ማን እንደሆኑ አወቅኩ። እኚያው ወይዘሮ የኔአለም ናቸው። አልዋሽም፣ ያን ቀን የተደሰትኩት ስለ ሥራው ብቻ አይደለም። አወቀ የበጎቹን ሥራ የሠራችው ፈርሂያ ናት ብሎ በራሱ ፊርማ ይጽፋል፤ የሸለሙት ሴትዮ ያነቡታል። ከዚያ ወዲያ ፊቱን የት እንደሚደብቅ አያለሁ።

አባቴ ግን እኔን ሳይጠይቅ ቀደመኝ። የሰፈራችንን ትልቅ ሰው ሸህ ሃሩንን ከፊት አድርጎ ሽማግሌ ላከበት። አወቀ ከመቀመጫው ተነሥቶ ተቀበላቸው፣ «በደስታ» ብሎ ሸኛቸው። እኛ ዘንድ ሽማግሌን እምቢ ማለት ነውር ነው፤ ስለዚህ እሺ ይባልና ነገሩ ይተዋል። አንድ ቀን መስክ ነው፣ አንድ ቀን ስብሰባ ነው፣ ሌላ ቀን «ነገ» ነው። አባቴ «አብሽሪ፣ ሰውየው ቃል ገብቷል» ይለኛል። እኔ ተቃጠልኩ። ሸህ ሃሩን ምን ብለው እንደለመኑት ስሰማ ግን ቁጣዬን ያዝ አደረግኩት። «ለልጅቱ ወረቀት ጻፍላት» ነበር ያሉት። ምን ዓይነት ወረቀት? ለማን? እስከ መቼ? እሱም አልጠየቀ፣ እነሱም አልነገሩት። እምቢ የማለት በሩን ዘግተውበት፣ እሺ የሚልበትን መንገድ ግን አላሳዩትም።

እንግዲህ ደብዳቤው እንዲመጣ ለጠላቴ መንገዱን ላመቻችለት ነው። አባቴን ለምኜ ሽማግሌዎቹ ከገባላቸው ቃል እንዲፈቱት አስደረግኩ። አባቴ ተቀየመኝ። ከዚያ በቴሌግራም እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

«እንደምን ሰነበቱ፣ አቶ አወቀ። ደሴ ለእንስሳት ጤና ባለሙያነት አመልክቻለሁ። የመስክ ሥራዬን በቅርብ የተከታተሉት እርስዎ ስለሆኑ የድጋፍ ደብዳቤ እንዲጽፉልኝ እጠይቃለሁ። ግማሽ ገጽ ይበቃል፤ እስከሚቀጥለው ሳምንት ማብቂያ ከዚህ በታች ወዳለው ኢሜይል እርስዎ ራስዎ ቢልኩት ደስ ይለኛል። ማስታወቂያውንና የሕይወት ታሪኬን አያይዣለሁ። ለማስታወስ ያህል፦ የክትባት መድኃኒቱን ቅዝቃዜ እቆጣጠር ነበር፤ አዳዲስ ሠራተኞችን አሠልጥኛለሁ፤ በለጋምቦ የበግ ክትባት ቀጠሮው እንዲቀየርና በመስጊድና በቤተ ክርስቲያን እንዲነገር አድርጌያለሁ። ሐሳቡም ቃሉም የእርስዎ ይሁን። ካልተመቸዎት ወይም ስለ እኔ በጎ ለመጻፍ የሚከብድዎት ከሆነ እስከ ዓርብ ድረስ በአንድ ቃል ይንገሩኝ፤ ሌላ ሰው እጠይቃለሁ፣ ቅር አይለኝም።»

መጨረሻ ላይ ያለው ውሸት ነው። ሌላ አለቃ አልነበረኝም፤ ቅርታውም ሆዴን ሞልቶታል። የበጎቹን ነገር ሆን ብዬ ሦስተኛ አደረግኩት። ሁለቱን ያለ ችግር አንብቦ እዚያ ሲደርስ እንዲወጋው ፈለግኩ።

ዓርብ ከቀትር በፊት ደወለ። ሰላምታው ረዘመ። ቀጥሎ ሦስተኛው ነጥብ ይቅር እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ሁለቱ ይበቃሉ ባይ ነው። ድምፄን ሳላነሣ መለስኩለት፦

«ያላዩትን አይጻፉ፣ አቶ አወቀ። ያዩትን ከሆነ ግን ይጻፉት።»

«እሺ» ብሎ ዘጋው። ከቀኑ ቀድሞ ደብዳቤውን ልኮ «ደርሷቸዋል» ብሎ ጻፈልኝ። ምን እንዳለበት አላየሁም።

ለቃለ መጠይቅ ስጠራ በሚኒባስ ለጋምቦን አቋርጬ ደሴ ገባሁ። ወይዘሮ የኔአለም ደብዳቤውን ጠረጴዛቸው ላይ ዘርግተው በጣታቸው እየተከተሉ ያነቡ ነበር። ለጋምቦ የሚለው ጋ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። ቀና ብለው አዩኝ። ይህን ሰውዬ የሸለሙት እሳቸው መሆናቸውን ነገሩኝ። አሁን ይሰድቡታል ብዬ ጠበቅኩ።

የመጨረሻውን መስመር ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡልኝ። እኔ ያልሰጠሁት መስመር ነው።

«ደሴ ላይ የተሸለምኩበት ሥራ የእሷ ነበር። ያን ቀን ስሟን አልጠራሁም፤ ዛሬ እጠራዋለሁ፦ ፈርሂያ አህመዲን።»

ወይዘሮ የኔአለም መነጽራቸውን አወለቁ። ዓይናቸው እርጥብ ነበር። በዚህ ዘመን እንዲህ ያለ ቅን አለቃ እንደማይገኝ፣ እኔም ዕድለኛ እንደሆንኩ፣ ዕድል ሲገኝ በስብሰባ ላይ ስሙን እንደሚያነሡት ተናገሩ። አጠገባቸው የተቀመጡትም ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም አብሬያቸው ነቀነቅኩ፤ ምን ላድርግ?

ሥራውን አገኘሁ። ደግ ነው፣ አልሐምዱሊላህ፣ ጅዳ ቀረ። አባቴም ታረቀኝ። ደንብ ስለሆነ አወቀን ደውዬ አመሰገንኩት። አልተመጻደቀም።

«ሽማግሌ በላክሽ ጊዜ አልጽፍም ነበር» አለኝ። «ካልተመቸዎት እምቢ ይበሉ ስትይኝ ግን ምን ይዤ እምቢ ልበል? አፍሬ ጻፍኩት።»

«እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ ዘጋሁ። መናኸሪያው አጠገብ ቆሜ፣ ሰዉ ሁሉ እያየኝ፣ በንዴት አለቀስኩ። ስንት ዘመን አዝዬው የኖርኩትን ቂም በግማሽ ገጽ ወስዶ፣ በእሱም ተመሰገነበት።