ስድስት መቶ ጆሮ

ዱላ መጠበቅን የሚንቅ ሰው የጎንደርን ፍርድ ቤት ደጅ አያውቀውም። ባለጉዳይ ከነዱላው አይገባም፤ ዘበኛው ከበሩ ይመልሰዋል። ስለዚህ የመካነ ብርሃኑም፣ የአዲ አርቃዩም፣ ከዛሪማ አቀበቱን ወጥቶ የመጣውም ሁሉ ዱላውን ከደጁ ለምትቀመጠው ለአሮጊቷ ለእንኳየሁ ይሰጣል፤ የስንቁን አቁማዳ ከዱላው ሥር ያስቀምጣል፤ አምስት ሳንቲም ይከፍላል። እንኳየሁ ፊደል አልቆጠረችም። ዱላ ግን ከነባለቤቱ ታውቃለች። ይህ ጫፉ ብረት የለበሰው በድንበር ከወንድሙ ጋር የሚካሰሰው ነው፤ ያ የወይራው ሚስቱ ቤቱን ጥላ የሄደችበት ነው፤ ደግ አደረገች፣ ምን ያለ ጨቅጫቃ መሰላችሁ! በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ የአንዱን ዱላ ለሌላው ሰጥታ አታውቅም። ሰው በቃሏ ይምላል። እሷም ይህን ስለምታውቅ አንገቷን አቅንታ ነው የምትቀመጥ።

ከፊቷ፣ ከአደባባዩ ማዶ፣ ጣልያን ጥሎት የሄደ ግንብ አለ። ከሰገነቱ ላይ በላቸው ድምፅ ማጉያ ሰቅሏል፤ የአገሩ ሰው ጡሩንባ ይለዋል። በላቸው ሾፌር ነበር፤ እግሩን ማኪና ሲሰብርበት በአፉ መተዳደር ጀመረ። ከማዘጋጃ ቤት ፈቃድ አውጥቶ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ጧት፣ ቀትር ላይና ወደ ዘጠኝ ሰዓት፣ መጀመሪያ የአዲስ አበባውን ራዲዮን ወሬ ያሰማል። ከዚያ በራሱ አንደበት የጠፋ በቅሎ ያፈላልጋል፣ ይቀልዳል፣ ማሲንቆ ያስመታል። በመካከል የነጋዴ ማስታወቂያ ያነባል።

ጠቡ የተነሣው በማስታወቂያው ዋጋ ነው። በላቸው ለወዳጁ በስሙኒ ያነባል፤ ለማያውቀው ብር ይጠይቃል። የአቡጀዲው ነጋዴ አዘዘ አንድ ቀን ነጋዴዎቹን ሰብስቦ መጣና፣

«አንተ በላቸው፣ እኛ የምንገዛህ ድምፅህን አይደለም፣ የሰውን ጆሮ ነው። ስንት ሰው እንደሚሰማህ ይቆጠርና በዚያ ልክ እንክፈል» አለው።

«ይቆጠር! ለመቶ ሰው አሥር ሳንቲም። ለአንድ ጊዜ ንባብ።»

«ማን ይቁጠረው? አንተማ ብትቆጥር ቁራውንም ትጨምራለህ።»

ሁሉም ሳቁ። ከዚያ ሁሉም ወደ እንኳየሁ ዞሩ። እሷ ከቆጠረችው ያምናሉ።

አቆጣጠሩንም በላቸው ራሱ ነገራት፣ በዚህስ አይታማም። ቅዳሜ ገበያ ስለሆነ አይቆጠርም፤ ሰዉ ለበርበሬ እንጂ ለጡሩንባ አይወጣም። የሚቆጠረው ሦስት ተራ ቀን ነው። አላፊ አግዳሚውን ይተዉ፤ ቆሞ ፊቱን ወደ ጡሩንባው የመለሰውን ብቻ ይያዙ። ለአንድ ሰው አንድ የሽንብራ ፍሬ። እንኳየሁም እንደተባለችው አደረገች። ጧት ሁለት መቶ ግድም ሆነ። ቀትር ላይ ሁለት መቶ ግድም ሆነ። በዘጠኝ ሰዓትም እንዲሁ። ሦስቱንም ቀን ነገሩ ከዚህ አልራቀም።

በላቸው ለየቀኑ አንድ ማሰሮ ነበር የሰጣት። የጧቱም፣ የቀትሩም፣ የዘጠኝ ሰዓቱም ከዚያው ገባ።

አዘዘ በነጋዴዎቹ ፊት አንዱን ማሰሮ ገለበጠው። ተቆጠረ። ስድስት መቶ።

«እመት እንኳየሁ፣ ስድስት መቶ ነው?» አላት።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ። እንኳየሁ የጧቶቹን ዱላ አቅፋ ውላለች። ቀትር ላይ የቆሙት ያው የጧቶቹ ናቸው፤ በዘጠኝ ሰዓትም ያው የቀትሮቹ። ቀጠሮ የሚጠብቅ ሰው ወዴት ይሄዳል? አንዱ ሰው ሦስት ፍሬ ሆኖ ከማሰሮው እንደተኛ ታውቃለች። ይህን ለማወቅ ፊደል አያስፈልግም። ግን ከዚያ በፊት በነበረው ማታ በላቸው ጠጋ ብሎ፣ «እመት፣ ክረምት ሊገባ ነው፣ እርጅናዎን ዝናብ ሲመታው ማየት አልችልም፤ ሥራው ካማረ አራት ቆርቆሮ አመጣለሁ» ብሏት ነበር።

«ፍሬው ይኸው ከፊትህ አይደል?» አለች።

አልዋሸችም። ፍሬው ስድስት መቶ ነበረ። ዋጋውም ለአንድ ንባብ ስልሳ ሳንቲም ሆነ፤ ሁለት መቶ ሰው ለሚሰማው፣ ሃያ ሳንቲም ሊሆን ለሚገባው። በሳምንቱ ቆርቆሮው መጥቶ ከመቀመጫዋ በላይ ተመታ።

ነጋዴዎቹ ሀብታሞች ናቸው፣ ምን ይሆናሉ አለች። እንዲህ ብላ ለራሷ ነገረች፤ ራሷም አመነቻት። ሐረገወይን እስክትመጣ ድረስ።

ሐረገወይን የዛሪማ ልጅ ናት፤ ባሏ የሞተባት፣ ከአደባባዩ በስተጀርባ ምግብ ቤት የከፈተች፣ እጇ የማያርፍ ሴት። ስድስት መቶ ሰው የሚለውን ስትሰማ በሳምንት አሥር ንባብ ያዘች። ስድስት ብር! በሁለተኛው ሳምንት እንኳየሁ ዘንድ መጥታ ከዱላዎቹ ጎን ተቀመጠች።

«እመት፣ አንቱ እዚህ ይውላሉ። ስሜን ያነበዋል?»

«ያነበዋል። አፉ ሞልቶ ነው የሚያነበው።»

«ታዲያ ምነው ሰው አይመጣ? ከስድስት መቶ ሰው ስድስት እንኳ አይወጣም?»

እንኳየሁ ዓይኗን ወደ አቁማዳዎቹ ጣለች። ሁለት መቶ አቁማዳ። ዳቦ ቆሎው፣ በሶው፣ ድርቆሹ። ይህ ሕዝብ የሳምንት ስንቁን ይዞ ነው የሚመጣው፤ የጠበቃውን ዋጋ ከየት እንደሚያመጣ አያውቅ፣ ለወጥ ብር ሊያወጣ! ይህንንም ታውቃለች። አፏ ግን፣

«ሰው አንዳንዴ ይዘገያል» አለ።

በሦስተኛው ሳምንት ሐረገወይን በሳህን ወጥ ይዛ መጣች።

«ይቅመሱልኝ። እውነቱን ይንገሩኝ። እጄ ነው የከፋው?»

እንኳየሁ ቀመሰች። በዕድሜዋ እንዲህ ያለ ወጥ ጥቂት ጊዜ ነው የበላች።

«ሸጋ ነው፣ ልጄ። ምንም አይወጣለትም።»

«እያዘኑልኝ ነው» አለች ሐረገወይን፤ ዓይኗ ውኃ ያዘ። «ሰሚ ካለ፣ ስሙም ከተነበበ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው እንጂ የማን ይሆናል? ሌሊት እየተነሣሁ ቅመሜን እጥላለሁ፣ ሌላ እደልዛለሁ። እናቴ ያስተማረችኝን እጅ ጠረጠርሁት።»

በዚያ ቀን ዝናብ መጣ። ዝናቡ ከቆርቆሮው ላይ ሲወርድ እንኳየሁ ሥሩ ተቀምጣ ጆሮዋን ያዘች። አንድ ሽንብራ፣ አንድ ሽንብራ፣ አንድ ሽንብራ። ነጋዴ ተዘረፈ ብትባል ትስቅ ነበር። ይህች ግን ገንዘቧ ብቻ አይደለም የተወሰደው፤ እጇ ነው።

በነጋታው በላቸውን ከግንቡ ሥር ያዘችው።

«አንተ፣ ዋጋውን መልሰው። ሰዎቹ ሁለት መቶ ናቸው።»

«ማን ቆጠረ?» አላት ፈገግ ብሎ። «እኔ ቆጠርሁ እንዴ? ‹ፍሬው ይኸው› ያለ ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ምን ልበል? እመት እንኳየሁ ዋሹ ልበል? ይተዉት፣ እመት። ለስምዎ ነው የማስብ።»

ለስሟ! እንዲህ ያለውን ውሻ በዱላ ነበር፤ ሁለት መቶ ዱላ ይዛ አንዱን አላነሣችም። ተመልሳ ተቀመጠች። ዋጋው እንደገና የሚወሰነው በወሩ መባቻ ነው፤ አምስት ቀን ቀርቷል። ያን ጊዜ እናገራለሁ አለች። አምስቱን ቀን ዝም አለች፤ ኩራት ክፉ ነው፣ እንደ ሐሞት ቢመርም ከአፍ አይወጣም።

መባቻው ደረሰ። ነጋዴዎቹ ቀትር ላይ ከጡሩንባው ሥር ተሰበሰቡ፤ ባለጉዳዩም እንደ ልማዱ ቆሟል። በላቸው ማሰሮውን ይዞ ወጣ። እንኳየሁ ተነሣች።

«ማሰሮውን ተወው። ዛሬ በዱላ ይቆጠር።»

«ምን ማለትዎ ነው?» አለ አዘዘ።

«አንተ ቁጠር እንጂ እኔማ አልቆጥርም። በእኔ ዘንድ ያለውን ዱላ ቁጠር፤ ዱላ የሌለውንም ሴትና ሽማግሌ ጨምር።»

አዘዘ ቆጠረ። ሁለት መቶ አራት ሆነ።

«እነዚህ ዱላዎች ጧትም እዚሁ ነበሩ። በዘጠኝ ሰዓትም እዚሁ ይሆናሉ። ነገም ግማሾቹ ይመለሳሉ» አለች። ወደ ማሰሮው በእጇ አመለከተች። «አንዱን ሰው ሦስት ጊዜ ነው የቆጠርሁት። ሦስቱንም ከአንድ ማሰሮ ከተትሁት። ስትጠይቀኝ አውቅ ነበር። ስለ ቆርቆሮ ነው ዝም ያልሁት።»

ማንም አልሳቀም። ቢስቁ በወደደች። አዘዘ አየት አደረጋትና ወደ በላቸው ዞረ።

«አንድ ንባብ የሚሰማው በዚያ ሰዓት የቆመ ሰው ነው። በዚያው ልክ ይከፈላል። ሃያ ሳንቲም።»

በላቸው ጮኸ፣ ማለ፣ በመጨረሻም ተስማማ፤ ሌላ ጡሩንባ የለውም፣ እነሱም ሌላ በላቸው የላቸውም። ትርፍ የከፈለ ሁሉ ገንዘቡ አይመለስለትም፣ በንባብ ይካስለታል ተባለ። ማታ ላይ በላቸው የላካቸው ሁለት ሰዎች መጥተው አራቱን ቆርቆሮ ነቀሉ። እንኳየሁ ምስማሩን ራሷ ለቅማ ሰጠቻቸው።

ሐረገወይን ስብሰባው ላይ አልነበረችም። እንኳየሁ ወደ ምግብ ቤቱ ሄደች። ድስቱ ተጥዷል፤ መደቡ ባዶ ነው። ከሐረገወይን አንገት የማይለየው የብር ድሪ የለም።

«ድሪሽስ?»

«ትናንት ሸጥሁት። ሠላሳ ንባብ ገዛሁበት» አለች። ቀጥላም፣ «ምነው? ፊትዎ ከፋኝ» አለቻት።

እንኳየሁ ሳትቀመጥ ነገረቻት። ስለ ማሰሮው፣ ስለ ቆርቆሮው፣ ስለ አቁማዳዎቹም። አንድም አላስቀረች። ሐረገወይን ማማሰያውን እንደያዘች ሰማቻት። ትናንት፣ ትናንት ብትነግራት! እንኳየሁ ለስሟ ብላ አምስት ቀን መጠበቋ የልጅቱን አንገት ባዶ አስቀርቶታል።

«ንባቡ ይካስልሻል፤ ግን ለእነዚያ ስንቅ ለያዙት አታስነብቢ» አለች እንኳየሁ። «ሾፌሮች ስንቅ አይዙም። ማኪናው ከሚያድርበት ሂጂ፣ ራስሽ ተናገሪ። ምንም አትከፍይ።»

«ይህንን መቼ አወቅሽው?»

አንቺ አለቻት። እንኳየሁ የልጅ ልጇን ከሚያህል ሰው እንዲህ ተብላ አታውቅም። ዋጥ አደረገችው።

«ከመጀመሪያው።»

ሐረገወይን ዞራ ከድስቱ ጨለፈችና ሳህኑን ከፊቷ አኖረች።

«ቅመሺ።»

ቀመሰች። ያው ነው፤ እንዲያውም ይበልጣል።

«ሸጋ ነው። በእናቴ አጥንት፣ ሸጋ ነው።»

«ይሆናል» አለች ሐረገወይን። ሳህኑን አነሣችው። «ግን ቀማሹ አንቺ ነሽ። ከእንግዲህ የአንቺን ሸጋ ምን አደርገዋለሁ?»

ድስቱን ከደነችው፤ በነጠላዋ ጠቅልላ ታቅፋው፣ ማኪናዎቹ ወደሚያድሩበት ቁልቁል ወረደች። እንኳየሁ ቆርቆሮው ወደተነቀለበት መቀመጫዋ ተመለሰች።

ነገ ጧት ዱላ የሚያስረክባት ሰው ይምጣ አይምጣ አታውቅም። ዝናቡ ጀምሯል። በዚህ ጊዜ በላይዋ የሚጮህ ነገር የለም፤ ራሷ ላይ ዝም ብሎ ይወርዳል።