የአማርኛው ገጽ

ናዲያ ጥፋቱ የራሷ መሆኑን ያወቀችው እትዬ ብርሃነሽ ቁልፉን ለሁለተኛ ጊዜ ሲጫኑት ነው።

የእትዬ ብርሃነሽ ፔንሲዮን አዳራሽ በእንግዳ ሞልቷል። የምሥራቅ ክፍለ ከተማ ጎረቤቶች፣ መንገደኛ የሚልኩላቸው ደንበኞች፣ ዘመድ አዝማድ፣ ሁሉም ለስላሳውን ይዞ የድረ ገጹን ምርቃት ይጠብቃል። እትዬ ብርሃነሽ ሌላ ንግግር አላዘጋጁም። ራሳቸው እየነገሩ ድረ ገጹን ለሠራችላቸው ለናዲያ ያስጻፉትን የእንኳን ደህና መጡ ቃል ከገዛ ስልካቸው ሊያነቡ ነው የቆሙት። የእህታቸው ልጅ ሔኖክ ሆቴል ማኔጅመንት ተምሮ ከመጣ ወዲህ «አንቺ እረፊ፣ ሥራውን ለኔ ተይው» ማለት አብዝቷል። ዘመዱም ወደ እሱ እያዘነበለ ነው። ዛሬ ገና አለመሸነፋቸውን ሊያሳዩ ነው።

ስልካቸው ላይ የወጣው ግን እንግሊዝኛ ነበር። እንግሊዝኛ አያውቁም። ናዲያ እንዳስጠናቻቸው ከላይ ጥጉ ላይ «አማርኛ» የምትለውን ቁልፍ ነኩ። ገጹ ብልጭ አለና ያው እንግሊዝኛው ተመልሶ መጣ። ደግመው ነኩት።

«አክስቴ፣ አንዴ ከነካሽው ይበቃል» አለ ሔኖክ። «የበር ደወል አይደለም።»

ሰው ሳቀ።

ናዲያ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጅታ፣ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ በተሰጣቸው የቆርቆሮ ሼድ ውስጥ ነው የምትሠራው። ይህን ሥራ ተጨንቃበታለች። ለእያንዳንዱ ገጽ ሁለት አድራሻ ሰጥታዋለች፤ ለአማርኛው አንድ፣ ለእንግሊዝኛው አንድ። የአልጋ ዋጋን በአማርኛ የሚያይ ሰው ቁልፉን ሲነካ እዚያው የአልጋ ዋጋ ላይ በእንግሊዝኛ ይገኛል እንጂ ወደ መጀመሪያው ገጽ አይወረወርም። የፈለገውን ገጽ በፈለገው ቋንቋ ለወዳጁ መላክም ይችላል። እዚያ ላይ ብታቆም መልካም ነበር። ለፈረንጆቹ እንዲመች ብላ ግን በመጨረሻ አንድ ትእዛዝ ጨመረች፦ የአማርኛውን ገጽ የከፈተው ስልክ ቋንቋው እንግሊዝኛ ከሆነ፣ ገጹ ሳይጠይቅ ወደ እንግሊዝኛው ይውሰደው። ላፕቶፗ ላይ ስትሞክረው ምንም አላጋጠማትም፤ የላፕቶፗን ብራውዘር አማርኛ አድርጋው ነበርና። የከተማው ሰው ግን ስልኩን እንደገዛው በእንግሊዝኛ ነው የሚይዘው። እትዬ ብርሃነሽ «አማርኛ»ን በነኩ ቁጥር ወደ አማርኛው አድራሻ ይሄዳሉ፣ አድራሻው ደግሞ መልሶ ያባርራቸዋል።

«መነጽሬን ረስቼው ነው» አሉ እትዬ ብርሃነሽ። መነጽሩ አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል።

ሔኖክ ተነሥቶ ስልኩን ከእጃቸው ወሰደ። በእንግሊዝኛ አነበበና ግማሹን ወደ አማርኛ መልሶ ለእንግዶቹ ነገራቸው። ተጨበጨበለት። «ቤቱ ሰው አገኘ» አለ አንዱ ሽማግሌ።

ናዲያ ተነሥታ «ስህተቱ የኔ ነው፣ እሳቸው ልክ ናቸው» ማለት ብቻ ነበረባት። አልተነሣችም። አቀርቅራ የላፕቶፗን ገመድ የምታስተካክል መሰለች። እትዬ ብርሃነሽ ወደ ወንበራቸው ሲመለሱ በአጠገቧ አለፉ፤ ቀና ብላ አላየቻቸውም።

በማግስቱ ጠዋት ያንን ትእዛዝ አጥፍታ፣ ገጹን ባገኘችው ስልክ ሁሉ ሞክራ ወደ ፔንሲዮኑ ሄደች። እትዬ ብርሃነሽ አዳራሹ ውስጥ ብቻቸውን ወንበር ያነሣሉ።

«እትዬ፣ ትናንት የሆነው የርስዎ ጥፋት አይደለም። እኔ የጨመርኩት ነገር ነው ወደ እንግሊዝኛው የመለሰዎት። አሁን አማርኛው አማርኛ ሆኖ ይቆያል፣ እርስዎ ካልነኩት በቀር አይቀየርም።»

ያነሡትን ወንበር መልሰው አስቀመጡት።

«ጣቴ ነው ብዬ» አሉ። «እጄ ሻክሮ እንቢ ያለኝ መስሎኝ ቅባት ስቀባው አደርኩ።»

ናዲያ መሬት መሬቱን አየች።

«ትናንት ታውቂው ነበር?»

«አውቄው ነበር።»

«እዚያው ተቀምጠሽ?»

«አዎ።»

«ሰዉ አሁን ሄዷል፣ ልጄ» አሉ እትዬ ብርሃነሽ።

«ለያንዳንዳቸው በስሜ መልእክት እልካለሁ። ለሔኖክም ሄጄ እነግረዋለሁ።»

«ንገሪው። እሱ ግን ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ በኔ ቦታ ቢሮ ገብቷል፤ የቢሮውን ቁልፍ ትናንት ማታ ሰጠሁት።» መነጽራቸውን ከአንገታቸው አንሥተው አደረጉና ስልካቸውን ከፈቱ። ከላይ ጥጉ ላይ «አማርኛ»ን ነኩ። ገጹ አማርኛ ሆነ፤ አማርኛም ሆኖ ቀረ።

«ተቀመጪ» አሏት።

ተቀመጠች። እትዬ ብርሃነሽ ትናንት የቆሙበት ቦታ ሄደው ቆሙና፣ ባዶ ወንበሮቹን አየት አድርገው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ማንበብ ጀመሩ። «ደክሞት ለመጣ ሁሉ ይህ ቤት ቤቱ ነው…» አንድም ቃል ሳይዘሉ እስከ መጨረሻው አነበቡ። ናዲያ ማጨብጨብ ፈለገች፤ እጇን ግን ከጉልበቷ ላይ ማንሣት አልቻለችም።